ሌሊት የሚቀሰቅስ ቃር፦ የእራት ሰዓትና የአልጋ ነገር

ታላቅ ወንድሜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይነቃል። ባለቤቱ እንዳትነቃ ብሎ መብራት አያበራም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ደረቱን ያሻል። ጉሮሮው ድረስ የመጣ ኮምጣጣ፣ የሚያቃጥል ነገር አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይስላል፣ ውሃ ይጎነጫል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ሲቀለው ይተኛል። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ያው ነው።

ሱቁ አራት ኪሎ ነው፣ የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጣል። ቤቱ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። በሳምንት አራትና አምስት ሌሊት እንዲህ እየሆነ ሰባት ወር አለፈ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ግን አልነገረኝም። አንድ ቀን ሱቁ ጎራ ብዬ ሻይ ስንጠጣ፣ «አንቺ ልጅ፣ ደንበኛ እያየኝ ማንቀላፋት ጀመርኩ እኮ» አለኝ። ስለ እንቅልፉ ስጠይቀው ነው ቃሩ የወጣው። «እሱማ ጨጓራዬ ነው፣ ለምጄዋለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያደረግነውን ነው የምጽፈው። ይህ ችግር ያለበት ሰው በየቤቱ አለ፣ አብዛኛውም ለምጄዋለሁ እያለ ነው የሚኖረው።

ቃር ምንድን ነው? ከየት ይመጣል?

ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ የሚወርድ የምግብ ቧንቧ አለ። ቧንቧው ጨጓራ ላይ ሲደርስ ጫፉ ላይ እንደ ቀለበት የተጠመጠመ ጡንቻ አለ። ስንውጥ ይከፈታል፣ ምግቡ ካለፈ በኋላ ይዘጋል። በር በሉት። ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ከምንበላው ከማንኛውም ነገር የበለጠ ኮምጣጣ ነው፤ የቆየ እንጀራም ሆነ ሎሚ አይደርስበትም። ጨጓራ ይህን የሚችልበት የራሱ ሽፋን አለው። ቧንቧው ግን የለውም። በሩ ሳይዘጋ ቀርቶ አሲዱ ወደ ላይ ሲመለስ ቧንቧው ይቃጠላል። የማቃጠሉን ስሜት ቃር እንለዋለን፤ አሲዱ ወደ ላይ መመለሱን ሐኪሞች ሪፍለክስ ይሉታል።

ውሃ የምንቀዳበትን ቢጫ ጀሪካን አስቡት። ክዳኑ ትንሽ ላልቷል። ቆሞ ከተቀመጠ አንድ ጠብታ አይወጣም። አጋድማችሁ ብታስተኙት ግን ያፈሳል። ሙሉ ከሆነ ብዙ፣ ግማሽ ከሆነ ትንሽ ያፈሳል። አፉ ደግሞ መሀል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ነው፤ ስታጋድሙት አፉን ወደ ላይኛው ጎን ብታደርጉት ግማሽ ውሃ ያለው ጀሪካን ምንም ላያፈስ ይችላል። ሙላቱ፣ ማጋደሉ እና አፉ ያለበት ጎን፤ ሦስቱንም ያዟቸው፣ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ሌሊት ለምን ይብሳል?

ቀን ላይም አሲድ ይመለሳል። ጤነኛ ሰው ላይም፣ በተለይ ከምግብ በኋላ። ብዙ ጊዜ ሳናውቀው የሚያልፈው ቆመን ወይም ተቀምጠን ስለሆነ መልሶ ስለሚወርድ ነው። የቀረውን ምራቅ ያጥበዋል። ምራቅ አሲድን የማርከስ ባሕርይ አለው፤ ሳናስበው ቀኑን ሙሉ እየዋጥን ቧንቧውን እናጥባለን።

እንቅልፍ ሲወስደን ይህ ሁሉ ይቆማል ማለት ይቻላል። ምራቅ በጣም ይቀንሳል፣ መዋጥም እንዲሁ። አካላችን ደግሞ ጋደም ብሏል። ቀን ላይ ቶሎ ይጠራ የነበረው አሲድ ሌሊት ቧንቧው ውስጥ ረጅም ጊዜ ይተኛል። ስለዚህ የሌሊት ቃር ቁጥሩ ከቀኑ ያነሰ ቢሆን እንኳ ጉዳቱ ይከፋል። ጉሮሮ ድረስ ከወጣ ደግሞ ሳል ያመጣል፣ ጠዋት ድምፅ ይጎረንናል። የወንድሜ ባለቤት «ብርድ መቶት ነው» እያለች ሰባት ወር ሙሉ ዝንጅብል ስታፈላ የከረመችው ለዚህ ሳል ነበር።

«ጨጓራዬን ታክሜ የለ እንዴ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኛ ጋ ከደረት በታች የሚሰማ ነገር ሁሉ «ጨጓራ» ነው። ወንድሜም ከሁለት ዓመት በፊት ተመርምሮ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶበት ነበር፣ መድኃኒቱንም ጨርሷል። ያ ሕክምና የጨጓራን ግድግዳ ከቁስል ያድናል። የላላ በር ግን አይጠግንም። ባክቴሪያው ጠፍቶ ቃሩ ቢቀጥል «መድኃኒቱ አልሠራም» ማለት ላይሆን ይችላል። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

እንዴት ይለያል? የጨጓራ ቁስል ሕመም ብዙውን ጊዜ እምብርትና ደረት መሀል ላይ የሚቆፍር ዓይነት ነው፣ አንዳንዱን ሰው ሆዱ ባዶ ሲሆን ይብስበታል። ሪፍለክስ ከደረት አጥንት ጀርባ ወደ ላይ የሚወጣ ማቃጠል ነው። ጎንበስ ሲሉና ሲተኙ ይነሳል፣ ቀና ብለው ሲቀመጡ ይበርዳል። ወንድሜ አልጋው ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ የሚቀለው ለዚህ ነው። ሰውነቱ መልሱን ሲነግረው ነበር። ይህ መለያ ግን ምርመራን አይተካም፣ ሁለቱም አብረው ያሉበት ሰው አለ።

እራት ስንት ሰዓት ይበላ?

ወንድሜ ቀኑን እንዲህ ያሳልፍ ነበር። ምሳ 7 ሰዓት ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ሁለት ሳምቡሳና ሻይ። ሱቁን የሚዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ታክሲ ተሰልፎ ልደታ ሲደርስ 3 ሰዓት ሊሆን ምንም አይቀረውም። ቀኑን ሙሉ እንጀራ አልቀመሰም፣ ርቦታል። 3:15 ላይ ሁለት እንጀራ በወጥ ይበላል። ዜና ያያል። 4:15 ላይ ይተኛል። በእራትና በመኝታ መካከል አንድ ሰዓት ብቻ።

ጨጓራ አንድ ሙሉ ገበታ ፈጭቶ ወደ አንጀት እስኪያስተላልፍ አራት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ቅቤ ወይም ዘይት የበዛበት ወጥ ከሆነ ይቆያል። ስብ የጨጓራን ሥራ ያዘገየዋል። ወንድሜ 4:15 ላይ ሲጋደም ጀሪካኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። በዚያ ላይ ጨጓራ ሲለጠጥ በሩ ለአፍታ እየተከፈተ አየር ማስወጣት ይፈልጋል፣ ግሳት የምንለው። ተኝተን ሲሆን በዚያች አፍታ የሚወጣው አየር ብቻ አይደለም።

ሐኪሞች የሚመክሩት ከመኝታ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ምግብ እንዳይበላ ነው። ሌሊት የሚነቃ ሰው ግን ሦስቱን ይያዝ። ስሌቱን ከመኝታ ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ይሻላል። ወንድሜ 4:30 ላይ ከተኛ የመጨረሻ ጉርሻው 1:30 ላይ መሆን አለበት። በዚያ ሰዓት ግን ገና ሱቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ቶሎ እራት ብላ» የሚለው ምክር ለእሱ ትርጉም የለውም። ያደረግነው የእራቱን ቦታ መቀየር ነው። ባለቤቱ ሁለተኛ ምሳ ዕቃ ታዘጋጃለች። ዋናውን ገበታ 12 ሰዓት ላይ ሱቅ ውስጥ ይበላል፣ ምሳውም ሳምቡሳ መሆኑ ቀረ። ቤት ሲደርስ አንድ ስኒ አጥሚት ይጠጣል፣ በቃ።

መጀመሪያ ቀላል አልነበረም። እራት ቤታችን ውስጥ ምግብ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ገበታ አቅርባ እሱ «በልቻለሁ» ሲላት ከፋት። ልጆቹም አባታቸው ሳይበላ መብላት ከበዳቸው። አሁን አብሯቸው ይቀመጣል፣ አጥሚቱን ይዞ። ትንሿ ልጅ ጉርሻዋን አልተወችም። አንድ ጉርሻ ማንንም ከእንቅልፍ አይቀሰቅስም፣ ተቀበላት አልኩት።

ከምን እንቆጠብ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። በርበሬ፣ ቡና፣ ቲማቲም፣ ቢራ፣ ጠጅ አንዳንዱን ሰው ይቀሰቅሱበታል፣ ሌላውን ምንም አይሉትም። በሩቁ ዝርዝር አውጥቶ ሁሉን መከልከል አያስፈልግም፤ በራሳችሁ ላይ አይታችሁ የሚነሳባችሁን ተዉ። መጠጥ ግን በሩን ያላላል፣ እንቅልፍንም ያከብዳል፤ ማታ ላይ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ሲጋራም በሩን ያላላል።

ስለ ጾም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «በጾም ቅባት የለም፣ ለምን ያቃጥለኛል?» ይላል። ዘይትም ስብ ነው። እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ውሎ ማታ አንድ ላይ መሙላቱም አለ። በረመዳን ደግሞ ሱሁር በልቶ ወዲያው መተኛት ነው ችግሩ። ስሌቱ በሁለቱም ያው ነው፦ ሆድ ሞልቶ አይጋደምም።

ትራስ ደርቤ እተኛለሁ፤ አይበቃም?

አይበቃም፣ እንዲያውም ሊያብስ ይችላል። ሁለትና ሦስት ትራስ የሚያነሳው አንገትንና ትከሻን ነው። ሰውየው ወገቡ ላይ ይታጠፋል፣ ሆዱ ይጨመቃል። ጀሪካኑን ማቆም ፈልገን ሆዱን ጨመቅነው ማለት ነው። ጠዋት ላይ ደግሞ አንገት ያማል።

የሚሠራው የአልጋውን ራስጌ በሙሉ ማንሳት ነው፣ ሰውነት ከራስ እስከ እግር ቀጥ ብሎ በትንሽ ዳገት ላይ እንዲተኛ። ከፍታው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ሁለት ሜትር ገደማ በሆነ አልጋ ላይ ግን ለዓይን እንኳ ብዙም አይታወቅም።

ወንድሜ መጀመሪያ ሁለት ብሎኬት ሊያመጣ ነበር። ከለከልኩት። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፣ በጎኑ አስተኝተው ቀጭን የአልጋ እግር ቢያሳርፉበት ሊሰበር ይችላል። ሰፈር ያለ አናጢ ዘንድ ሄደን ከወፍራም እንጨት ሁለት ኩብ አስቆረጥን፣ ቁመታቸው 15 ሳንቲ ሜትር። ዋናው ነገር መሀላቸው ላይ የተፈለፈለችው ጉድጓድ ናት፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የምትጠልቅ። የአልጋው እግር እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ሲገላበጥ አይንሸራተትም። እግሩ ሁለት ሳንቲ ስለሚሰምጥ እውነተኛው ከፍታ 13 ሆነ። ይህን አስቀድመን አላሰብንም፤ ከሥሩ ሁለት ሳንቲ ጣውላ አስመታንበት። የምታስቆርጡ ሰዎች 17 በሉት፣ ከእኛ ስህተት ተማሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ላይ ወደ ግርጌ ተንሸራተትኩ ብሎ አማረረ። አንሶላው የሚያዳልጥ ጨርቅ ነበር፣ በጥጥ ተለወጠ። ባለቤቱ ሦስት ቀን ተነጫነጨች፣ ከዚያ ረሳችው። አብሮ የሚተኛው ሰው ፈጽሞ ካልተስማማ ወይም አልጋው እግር ከሌለው ሌላ መላ አለ። ስፖንጅ የሚሸጡ ቤቶች በልክ ይቆርጣሉ። ከዳሌ እስከ ራስ የሚደርስ፣ ራስጌው ላይ 20 ሳንቲ የሆነ፣ ወደ ዳሌ እየሳሳ የሚሄድ ተዳፋት አስቆርጡ። ጠንካራውን ስፖንጅ ምረጡ። ለስላሳው በሁለት ሳምንት ይረግብና ተራ ትራስ ይሆናል።

በየትኛው ጎን ልተኛ?

በግራ። ምክንያቱ የጀሪካኑ አፍ ነው። ጨጓራ በአብዛኛው ያለው በግራ በኩል ነው፤ ቧንቧውም የሚገባበት ከላይ በቀኝ ጎኑ ነው። በግራ ስንተኛ የጨጓራው ሆድ ከታች ይሆናል፣ አፉ ከላይ። በቀኝ ስንተኛ ይገለበጣል፤ አሲዱ በሩ ላይ ይጠራቀማል።

በአምስተርዳም ተሠርቶ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። 57 ሰዎች ተኝተው እያለ ቧንቧቸው ውስጥ ያለው አሲድና የተኙበት ጎን አብሮ ተለካ። የአሲዱ መመለስ ቁጥር በየጎኑ ብዙም አልተለየም። የተለየው ለመጥራት የሚፈጀው ጊዜ ነው። በግራ ሲተኙ 35 ሰከንድ ገደማ፣ በጀርባ 76፣ በቀኝ 90። ይህ ልብ የሚባል ነው። በግራ መተኛት በሩን አይዘጋም። የወጣው ቶሎ እንዲወርድ ያደርጋል፤ ቧንቧው ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል።

ወንድሜ ለአሥራ አምስት ዓመት በቀኝ ጎኑ ነው የተኛው። አልጋው ግድግዳ ጥግ ነው፣ በቀኝ ሲሆን ፊቱ ወደ ክፍሉ ይሆናል። በግራ ሲዞር ግድግዳ ያፍነዋል። አልጋውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዞርነው፣ አሁን በግራ ተኝቶ በሩን ያያል። ጋቢ ጠቅልሎ ከጀርባው ያደርጋል፣ በእንቅልፍ ልቡ ወደ ቀኝ እንዳይገለበጥ። አንዳንድ ሌሊት ይገለበጣል። ምንም አይደለም፣ የሌሊቱ አብዛኛው በግራ ካለፈ ይጠቅማል። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ጨጓራ ገና ያልቀለለው ያኔ ነው።

ወተትና ኦሜፕራዞልስ?

ቀዝቃዛ ወተት ለአፍታ ያበርዳል። ከዚያ ግን ጨጓራ ወተቱን ለመፍጨት ተጨማሪ አሲድ ያመነጫል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ወተት መጠጣት በተኛ ሰው ሆድ ላይ እራት መጨመር ነው።

ኦሜፕራዞል ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሰው ግን በተሳሳተ ሰዓት ይወስደዋል። ሊተኛ ሲል ይውጠዋል። መድኃኒቱ የሚሠራው ጨጓራ ለምግብ ሲዘጋጅ ነው፣ ስለዚህ ምግብ ከመብላት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ይወሰዳል። ደግሞም አሲዱን ይቀንሳል እንጂ መመለሱን አያቆምም። እየወሰዱ ጉሮሮ ድረስ ፈሳሽ መምጣቱ የሚቀጥልባቸው ሰዎች ያሉት ለዚህ ነው፤ ማቃጠሉ ቀርቶ መምጣቱ ይኖራል። ወራት ሙሉ ከፋርማሲ እየገዙ በራስ መውሰድ ግን አይገባም።

መሥራቱ በምን ይታወቃል? ሐኪም ዘንድስ መቼ?

ሁሉን ነገር በአንድ ቀን አትቀይሩ፣ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። እኛ ከአልጋው ጀመርን። ወንድሜ ከሱቁ አንድ ደብተር ወስዶ የበላበትን ሰዓት፣ የተኛበትንና የነቃበትን ይጽፋል። ከመጀመራችን በፊት በሳምንት አምስት ሌሊት ይነቃ ነበር። አልጋው ከፍ ብሎ ሁለት ሳምንት ሲሆነው ሦስት ሆነ። እራቱ ወደ 12 ሰዓት ሲዛወር አንድ። በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ሠርግ ነበር። 4 ሰዓት ላይ ጥሬ ሥጋና ቢራ፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋ። ደብተሩ ላይ «ሦስት ጊዜ ነቃሁ» ይላል። አንድ ክፉ ሌሊት ልፋቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ምክንያቱ ከጎኑ ተጽፏል።

አራት ሳምንት በትክክል ሞክራችሁ ካልተሻላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ምግብ ሲዋጥ የሚያንቅ ወይም የሚያም ከሆነ፣ ደም ካስመለሳችሁ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ ግን አራት ቀንም አትጠብቁ። አንድ ተጨማሪ አለ። ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲራመዱ የሚጀምር፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያላብ የደረት ሕመም ካለ ቃር ነው ብላችሁ አትተኙ። ልብ ሊሆን ይችላል፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወንድሜ 46 ዓመቱ ነው፣ ሰባት ወር ታግሷል። ቢሻለውም መታየት አለበት ብዬ ለፍቼ አሳመንኩት፤ ቧንቧው ምን ያህል እንደተጎዳ፣ ኢንዶስኮፒ ያስፈልገው እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ቀጠሮው በመጪው ወር ነው። ደብተሩን ይዞ ይሄዳል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እዚያ ላይ አለ፦ ስንት ሰዓት በላህ፣ ስንት ሰዓት ተኛህ፣ ስንት ጊዜ ነቃህ።